አዲስ አበባ ውስጥ እሳት ወይ አደጋ ሲያጋጥም፦ 939 ላይ ደውላችሁ ምን ትላላችሁ?

አንድ ማታ ጎረቤታችን ማድ ቤት እሳት ተነሳና እኔ ነኝ የደወልኩት፣ ስልኩ ወዲያው ተነሳልኝ፣ እኔ ደግሞ "ቶሎ ድረሱ ሚካኤል ጋ ነው!" ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁት። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ሚካኤል አለ? ደግነቱ ሰውየው መልሶ ደወለልኝና "የትኛው ሚካኤል ነው ወንድሜ?" አለኝ። ከዛ ቀን በኋላ ነው የገባኝ፣ ቁጥሩን ማወቅ ቀላሉ ነገር ነው፣ የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም በማንጠቀምበት ከተማ ቦታውን ማስረዳት ነው ከባዱ።

ለማንኛውም መጀመሪያ ቁጥሮቹን ስልካችሁ ላይ ሴቭ አድርጉ። 939 የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው፣ ብዙ ሰው የእሳት ብቻ ይመስለዋል ግን የራሳቸው አምቡላንስ አላቸው፣ ጎርፍም ሆነ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ሰው ሲኖር የሚደወለው እዛው ነው። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። 991 የአዲስ አበባ ፖሊስ፣ 987 ፌደራል ፖሊስ። 8035 ደግሞ ጠብታ አምቡላንስ ነው፣ የግል ስለሆነ ይከፈልበታል፣ ዋጋውን ስትደውሉ ጠይቁ። 905 የመብራት ኃይል ነው፣ እሱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ማንን ነው የምትጠሩት? እሳት ከሆነ 939፣ ሌላ አታስቡ። ሰው ከታመመ ወይ ከተጎዳ 907 ወይ 939፣ አንዱ አምቡላንሶቹ ስራ ላይ ናቸው ካላችሁ ሳትከራከሩ ወደ ሌላው ደውሉ። የመኪና አደጋ ሆኖ ሰው ከተጎዳ መጀመሪያ አምቡላንስ፣ ቀጥሎ 991። ሰው መኪና ውስጥ ተጣብቆ መውጣት ካቃተው ግን 939 የግድ ነው፣ ብረት የሚቆርጥና የሚፈለቅቅ መሳሪያ ያለው እነሱ ጋ ነው፣ በጉልበት ጎትቶ ማውጣት አከርካሪው የተጎዳን ሰው ሽባ ሊያደርገው ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር፣ አደዋወሉ። ሁለት ሰው ካላችሁ አንዱ ይደውል ሌላው ሰው ያስወጣ። የሚደውለው ሰው ጭሱ ውስጥ ቆሞ ሳይሆን ውጪ ወጥቶ ይደውል፣ ካልሆነ ጩኸቱ አያሰማም።

ቦታውን ከትልቁ ወደ ትንሹ ተናገሩ፦ ክፍለ ከተማ፣ ሰፈር፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ምልክት፣ ከምልክቱ በየት በኩል፣ መጨረሻ ላይ ቤቱ። እኛ የለመድነው ተቃራኒውን ነው፣ ከቤታችን በር ጀምረን "ከሱቁ ጎን ያለው ሰማያዊ በር" እንላለን፣ ሱቁን ግን ከሰፈሩ ልጅ በቀር ማን ያውቀዋል። ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም ስትሉ ከሰፈር ስም ጋር ይሁን። ጀሞ ስትሉ 1 ነው 2 ነው 3 ነው የሚለውን ጨምሩ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ብሎክ ቁጥርና ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ተናገሩ፣ ብዙዎቹ ሊፍት ስለሌላቸው በሽተኛ ከአራተኛ ፎቅ በቃሬዛ ለማውረድ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ የሚያውቁት ከዛ ነው።

ለምሳሌ ጀሞ 2 ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብሎክ 40 ሶስተኛ ፎቅ ላይ ኩሽና ውስጥ እሳት ተነሳ እንበል (ብሎክ ቁጥሩን ዝም ብዬ ነው ያመጣሁት)። ንግግሩ እንዲህ ይመስላል፦

"እሳት ነው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ 2 ኮንዶሚኒየም፣ ብሎክ 40፣ ሶስተኛ ፎቅ።"

"ምንድነው የሚቃጠለው?"

"ኩሽና ነው፣ የጋዝ ሲሊንደር አለበት፣ ጭሱ ወደ አራተኛ ፎቅ እየወጣ ነው።"

"ውስጥ ሰው አለ?"

"ሁለት ሰው ወጥቷል፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ አሮጊት አሉ አልወጡም። በዋናው በር ግቡ፣ በጀርባ ያለው በር ማታ ይዘጋል። በር ላይ ልጅ ቆሞ ይጠብቃችኋል።"

ይሄ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሲሊንደር አለ የሚለው ቃል ብቻ አመጣጣቸውን ይቀይረዋል፣ ኬሚካል ወይ ነዳጅ ያለበት መጋዘን ከሆነም እንደዛው፣ ነዳጅ ላይ ውሃ ብቻ ቢረጭ እሳቱን ይዞት ይሄዳል እንጂ አያጠፋውም። "ዝጋው" እስኪሏችሁ ስልኩን አትዝጉ። ለምን ይሄን ሁሉ ይጠይቁኛል ብላችሁም አትናደዱ፣ እዛ ቁጥር ላይ እየደወለ የሚቀልድ ሰው ሞልቷል፣ ሳያጣሩ መኪና ቢልኩ እውነተኛው እሳት ጋ የሚደርስ መኪና ያጣሉ።

ከዘጋችሁ በኋላ ስልኩን ነፃ አድርጉት። ሾፌሩ መንገድ ላይ ሆኖ ሊደውልላችሁ ይችላል፣ እናንተ ደግሞ ያን ሰዓት ለአክስትም ለአጎትም እያወራችሁ ከሆነ መኪናው ማዞሪያው ላይ ቆሞ ይቀራል። የሱን ቁጥር ካገኛችሁ ሎኬሽን በቴሌግራም ላኩለት፣ ግን ሎኬሽን ልኬያለሁ ብላችሁ ሰው መላክ አትተዉ። አንድ ልጅ አስፋልት ድረስ ሮጦ ይውጣ፣ ማታ ከሆነ የስልኩን መብራት አብርቶ ያውለብልብ።

መግቢያ መንገዱ ሌላ ጣጣ ነው። ብዙ ሰፈር ማታ ማታ የቅያሱን በር ጥበቃው ይቆልፈዋል፣ ቁልፉን የያዘውን ሰው መቀስቀስ የእናንተ ስራ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ መኪና በሁለቱም በኩል ቆሞ ትልቁ የእሳት አደጋ መኪና አይዞርም፣ ባለቤቶቹን ከወዲሁ አስነሱ። መኪና የማይገባበት ጠባብ ቅያስ ውስጥ ከሆናችሁ ስትደውሉ ተናገሩ፣ ከአስፋልቱ ስንት ሜትር እንደሚሆን በግምትም ቢሆን ንገሯቸው፣ ምን ያህል ቱቦ መዘርጋት እንዳለባቸው ያስቡበታል። በ2017 ጥቅምት ላይ መርካቶ ሸማ ተራ በተቃጠለ ጊዜ ማጥፋቱን ካከበዱት ነገሮች አንዱ የሱቆቹ መጠጋጋትና የመንገዱ መጣበብ ነበር።

እስኪመጡ ድረስ ብሬከሩ ያለበት ቦታ ደረቅ ከሆነና የምትደርሱበት ከሆነ ብሬከሩን አጥፉ። ውሃ የምትደፉት መብራቱ መጥፋቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ ነው፣ የሚነድ ዘይት ላይ ግን ጭራሽ ውሃ አይደፋም፣ ክዳን ነው የሚደረግበት። እሳቱ ምሰሶ ላይ ወይ ቆጣሪው ላይ ከሆነ ወይ ሽቦ ተበጥሶ መሬት ላይ ከወደቀ አትጠጉ፣ 939 ደውላችሁ ስትጨርሱ 905 ደውላችሁ መስመሩ ይቋረጥ በሉ። የሁለቱን ቅደም ተከተል አትገልብጡት።

የመኪና አደጋ ላይ ደግሞ የኛ ሰው ደግ ነው፣ ያነሳል፣ ያቅፋል፣ ውሃ ያጠጣል። ውሃውን ተዉት፣ ራሱን የሳተ ሰው ትን ብሎት ሊታፈን ይችላል፣ ኦፕሬሽን የሚገባም ከሆነ ሆዱ ባዶ ቢሆን ይሻላል። ደም የሚፈስ ከሆነ በንፁህ ጨርቅ ጠበቅ አርጋችሁ ያዙት፣ እያነሳችሁ አትዩት። መኪናው ካልነደደ ወይ ሌላ መኪና ሊገጨው ካልደረሰ በቀር ሰውየውን አታንቀሳቅሱት። ከኋላ የሚመጣው እንዲያይ ሶስት ማዕዘኑን ራቅ አርጋችሁ አቁሙ፣ ታርጋውን ፎቶ አንሱ፣ ገጭቶ የሚያመልጥ አለ።

አምቡላንሱ ሲነሳ ሁለት ነገር፦ የት ሆስፒታል እንደሚወስዱት ጠይቁ፣ ዘመድ ከሌለ አንድ ሰው ስልኩንና መታወቂያውን ይዞ አብሮ ይግባ። ከባድ ቃጠሎ ከሆነ የካቲት 12 የቃጠሎ ክፍል አለው፣ አቤት ሆስፒታል ደግሞ ለድንገተኛና ለአደጋ ጉዳት የተቋቋመ ነው፣ ግን የት እንደሚሻል የሚወስኑት ባለሙያዎቹ ስለሆኑ እዛ ካልሆነ ብላችሁ በር ላይ አትያዟቸው።