ሊትሬቸር ሪቪው የጥናቶች ዝርዝር ሲሆን፦ ችግርና መፍትሄ

በሰሜን ሸዋ ሆስፒታሎች ያሉ ነርሶች የአልጋ ቁስልን እንዴት እንደሚከላከሉ ለማጥናት ፕሮፖዛል እየጻፋችሁ ነው እንበል። አድቫይዘራችሁ ረቂቁን «ይሄ እኮ ማጠቃለያ ነው» ብሎ መለሰው።

ምልክት፦ አንቀጾቹ ሁሉ «በእገሌ አገር የተደረገ ጥናት እንደሚያሳየው» ብለው ይጀምራሉ። ሁለቱን አንቀጾች ብታቀያይሩ ምንም አይፈርስም።

መንስኤ፦ ማስታወሻ የያዛችሁት በየጥናቱ ነው። ስትጽፉም ያንኑ ቅደም ተከተል ገለበጣችሁ። ከዓለም ወደ አፍሪካ፣ ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ የሚወርደው የተለመደ አደራደርም ችግሩን ይሸፍነዋል፤ ቦታ ጭብጥ አይደለም።

መፍትሄ፦ ኤክሴል ላይ ሠንጠረዥ ሥሩ። እያንዳንዱ ጥናት አንድ ረድፍ ይያዝ። ዓምዶቹ እውቀት፣ ሥልጠና፣ የሥራ ጫና፣ የቁሳቁስ እጥረት ይሁኑ። ስትጽፉ ረድፉን ወደ ጎን ሳይሆን ዓምዱን ወደ ታች አንብቡ። አንቀጹ ከአንድ ዓምድ ይወጣል፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርም ጥናቶቹ በጋራ የሚሉትን ይናገራል። ቅርጹ ይህን ይመስላል፤ ግኝቱና ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ ናቸው፦

«ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች የተሻለ እንደሚተገብሩ በመጠይቅ የተሠሩት ጥናቶች ይስማማሉ (1፣ 4፣ 6)። ነርሶቹን በሥራ ላይ የተመለከተው ጥናት ግን ልዩነት አላገኘም (3)።»

የአገር ስም አንባቢው ሲፈልገው ብቻ ይግባ።

ምልክት፦ በጭብጥ ከፋፈላችሁ፣ ግን «ጥሩ ተግባር» ያላቸው ነርሶች መቶኛ ከጥናት ጥናት በጣም ይራራቃል። እናንተም ቁጥሮቹን ደርድራችሁ አለፋችሁ።

መንስኤ፦ ብዙ ጊዜ የሚለያየው መለኪያው ነው። አንዱ ነርሷን «በሽተኛውን በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጫለሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው ዋርድ ገብቶ በቼክሊስት ያያል። ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ከሚሠራው በላይ ይናገራል። መቁረጫ ነጥቡም አለ። «ጥሩ» ማለት ከአማካይ ውጤት በላይ ያገኘ ከሆነ፣ ነርሶቹ ደካማም ቢሆኑ ብርቱም ቢሆኑ ግማሽ ገደማው ጥሩ ሊባል ይችላል። እንዲህ ያለውን መቶኛ አስቀድሞ በተወሰነ ነጥብ ከተሠራው ጋር ማነጻጸር አይቻልም። እኔ ይህን ሳላይ የቁጥር ንጽጽር አልቀበልም።

መፍትሄ፦ ሁለት ዓምድ ጨምሩ፦ «እንዴት ተለካ» እና «መቁረጫው ስንት ነው»። ከዚያ በመጠይቅ የተሠሩትን ለብቻ፣ በምልከታ የተሠሩትን ለብቻ ሰብስቡ። ልዩነቱ ካልጠበበ ሌላ ምክንያት ፈልጉ፤ ዋርዱ አይሲዩ ነው ወይስ ሜዲካል?

ምልክት፦ ክፍተቱ «በሰሜን ሸዋ አልተጠናም» ብቻ ነው።

መፍትሄ፦ ባዶ የሆኑትን የሠንጠረዥ ሳጥኖች እዩ። በምልከታ የተሠራ ጥናት ጥቂት ከሆነ ክፍተቱ እሱ ነው። ያኔ ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ ቼክሊስት ይዛችሁ ዋርድ የምትገቡበትን ምክንያት መጻፍ ትችላላችሁ።