ሦስት ኃላፊ፣ አንድ ረቂቅ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቢሮ ውስጥ ሪፖርት የምታዘጋጁ፣ አንዱን ረቂቅ ሦስት ኃላፊ የሚያርመው ከሆነ ይህን ሞክሩት። ለሁሉም ኃላፊ የረቂቁን አንድ ዓይነት ኮፒ ላኩ፤ ስለ ኖራ ስርጭት ከሆነ `Nora_v3.docx` በሉት። "የመጨረሻ" የሚል ስም ይቅርባችሁ፤ በማግስቱ "የመጨረሻ የመጨረሻ" ይመጣል። አንዳንዱ ኃላፊ ምልክት ሳያደርግ ያርማል። ዎርድ ላይ Review ከዚያ Compare ብላችሁ ከዋናው ጋር ስታስተያዩት የነካው ሁሉ ይወጣል።

አስተያየቶቹ ሲጋጩስ? የወረዳዎቹን የኖራ ስርጭት ሠንጠረዥ የዕቅድ ኃላፊው "ይውጣ"፣ የሰብል ኃላፊዋ ደግሞ "ይዘርዘር" አሉ እንበል። በራሳችሁ አትፍረዱ። ሁለቱን አስተያየት ጎን ለጎን ጽፋችሁ፣ "ድምሩ ጽሑፉ ውስጥ፣ ዝርዝሩ አባሪ ላይ ይሁን?" ብላችሁ ለሁለቱም በአንድ መልእክት ላኩ። ካልተስማሙ ሪፖርቱን የሚፈርሙት ይወስኑ። ማን ምን እንደወሰነ ከነቀኑ መዝግቡ፤ v4 የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።