አንድ ወረቀት፣ ሁለት ነጥብ፦ በፎቶ የታረመ ፈተና ላይ አራሚዎች ሲለያዩ

ሁለተኛ እርማት ላይ ሁለት መምህራን የተለያየ ነጥብ ሲሰጡ ብዙዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ማን ጨከነ? ማን ለቀቀ?» ብለው ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «ሁለታችሁም ያያችሁት ፎቶ አንድ ነው?» ብዬ ነው። ወረቀት በስልክ ተነስቶ መታረም ከጀመረ ወዲህ እጄ ላይ ከወደቁት ጭቅጭቆች ብዙዎቹ የመጡት ከፎቶው እንጂ ከመምህራኑ ፍርድ አይደለም።

ድምሩን ደግማችሁ እንደደመራችሁና የተማሪው መለያ ቁጥር በሁለቱም ላይ አንድ መሆኑን እንዳያችሁ ልውሰድ። እሱን ካላደረጋችሁ ከዚህ በታች ያለውን ለማንበብ አትቸኩሉ።

ምልክት፦ ድምሩ ተለያይቷል

ድምር ከድምር ጋር አታስተያዩ። የሁለቱን አራሚዎች ነጥብ ጥያቄ በጥያቄ ጎን ለጎን ጻፉ። ለምን እንደሆነ አንድ እውነተኛ ወረቀት ላሳያችሁ። ፈተናው ከ40 ነው፣ አምስት ጥያቄ አለው። የመጀመሪያው አራሚ 33 ሰጡ፣ ሁለተኛዋ 29 ሰጡ። ልዩነቱ 4 ነው። አስተባባሪው «አማካዩን 31 እናድርገውና እንገላገል» አለ። ቁጭ ብለን ዘረዘርነው፦

ጥያቄ 1 (ከ6)፦ 6 እና 6
ጥያቄ 2 (ከ8)፦ 7 እና 6
ጥያቄ 3 (ከ8)፦ 6 እና 6
ጥያቄ 4 (ከ10)፦ 9 እና 4
ጥያቄ 5 (ከ8)፦ 5 እና 7

ልዩነቱ 4 ብቻ አልነበረም። ጥያቄ 2 ላይ 1፣ ጥያቄ 4 ላይ 5፣ ጥያቄ 5 ላይ ደግሞ በተቃራኒው 2፤ በጠቅላላው የ8 ነጥብ አለመስማማት ነው። አንዱ ሌላውን እያጣፋ ድምሩ ላይ ትንሽ መሰለ። ድምሩ እኩል ሆኖ ውስጡ የተለያየ ወረቀትም ብዙ አይቻለሁ፤ ያን ደግሞ ድምር ብቻ የሚያይ ሰው ጭራሽ አያገኘውም። ሦስቱን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንሂድባቸው።

ምልክት፦ አንድ ጥያቄ ላይ ብቻ ትልቅ ገደል አለ

መንስኤው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይሄ ነው፤ አንዱ አራሚ ያየውን ሌላው አላየውም። ጥያቄ 4 ላይ 9 እና 4 ሲገጥማችሁ ስለ ጭካኔ አትከራከሩ። ሁለት የሰለጠኑ መምህራን በአንድ ማረሚያ መመሪያ እያረሙ፣ አንድ ዓይነት ጽሑፍ እያዩ፣ ከ10 ላይ በ5 እምብዛም አይለያዩም። ፎቶውን ክፈቱ።

የኛው ጉዳይ እንዲህ ነበር። የመጀመሪያው አራሚ የደረሳቸው ስልኩ ያነሳው ፎቶ ራሱ ነው። ለሁለተኛዋ ግን አንድ ሰው «እንዲመቻቸው» ብሎ ፎቶዎቹን በስካን አፕ ወደ ፒዲኤፍ ቀየረ። አፑ የወረቀቱን ጠርዝ በራሱ ፈልጎ ይቆርጣል። ተማሪዋ ደግሞ ቦታ አልቆባት የ«ለ»ን መልስ ከመጨረሻው መስመር በታች አጣባ ጽፋዋለች። አፑ የታተመውን የታችኛውን መስመር የወረቀቱ ጠርዝ ነው ብሎ እዚያው ቆረጠው። ሁለተኛዋ አራሚ ስክሪን ላይ የቀረላቸው የ«ሀ» መልስ ሙሉው፣ ከታች ደግሞ የፊደላት አናት ብቻ ነው። «ለ አልተሠራም» ብለው ዜሮ ሰጡ። ባዩት ላይ ተመሥርተው ልክ ናቸው።

ይሄን በአንድ ደቂቃ መለየት ይቻላል። የወረቀቱ አራቱም ማዕዘን ፎቶው ውስጥ ይታያል? ካልታየ ያ ፎቶ ለእርማት አይሆንም። የጠርዙ ፊደል አናቱ ወይም እግሩ ተቆርጧል? እንግዲያው ከሱ ቀጥሎ ሌላ መስመር ሊኖር ይችላል። ተማሪው ቀስት ሠርቷል? «ጀርባውን ተመልከት» ብሏል? የጀርባው ፎቶ ታዲያ የት አለ? በአንድ ፈተና ላይ ቀስቷ በግልጽ የምትታይ ሆና ጀርባውን ማንም ሳይጠይቅ ሁለት ሳምንት ስንጨቃጨቅ ከርመናል። ወረቀቱ ከመሳቢያ ሲወጣ ሙሉ ገጽ መልስ ጀርባው ላይ ተቀምጦ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

መፍትሔው ወረቀቱን ማውጣትና እንደገና ማንሳት ነው። ወረቀቱን በጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርጉ፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ አራቱም ማዕዘን ይግቡ፣ የራሳችሁ ጥላ አይውደቅበት። ባዶ ቢሆንም ጀርባውን አንሱ። ባዶ ጀርባ ፎቶ ሲኖረው ባዶ መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ ፎቶ ከሌለው ባዶ ይሁን ይረሳ ማንም አያውቅም። ስትልኩም በፋይል መልክ ላኩ። በመልእክት መላኪያ አፕ እንደ ተራ ፎቶ የሚላክ ምስል ይጨመቃል፣ በእርሳስ የተጻፈ ነገር ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ለሁለቱም አራሚ አንድ ፋይል ይድረስ፣ ማንም በመሃል አይቁረጠው፣ አያስተካክለው።

ጥያቄ 4ን ሁለቱም በአዲሱ ፎቶ ደግመው አዩት። «ለ» ከ6 ነው፤ ለቀመር 2፣ ለመተካት 2፣ ለውጤት 1፣ ለመለኪያ አሃድ 1። ቀመሩና መተካቱ ልክ ነው፣ ውጤቱ ተሳስቷል፣ አሃድ አልተጻፈም። ስለዚህ 4። የመጀመሪያው አራሚ 5 ሰጥተው ነበር፤ የሌለውን አሃድ በልምድ አልፈውታል። ፎቶውን አስፍተው ካዩ በኋላ ራሳቸው አስተካከሉት። «ሀ» ላይ ሁለቱም ከሰጡት 4 ጋር ጥያቄ 4 በ8 ተዘጋ። ልብ በሉ፣ 9ም 4ም አይደለም።

ምልክት፦ የአንድ ነጥብ ልዩነት፣ ቁጥር ላይ

ጥያቄ 2 ላይ አንዱ 35 አነበቡ፣ ሌላዋ 3.5። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። ወረቀቱ ስስ ከሆነ የጀርባው ቀለም ወደ ፊት ይወጣል። የጀርባውን ፎቶ ክፈቱና እንደ መስታወት ገልብጡት። በዚያው ቦታ ነጥብ ወይም የፊደል ጫፍ ካገኛችሁ ያቺ ነጥብ የፊተኛው ገጽ አይደለችም። የኛዋ ከጀርባ የወጣች ሆና ተገኘች። 35 ነው፣ 7 ተሰጠ። ጀርባውን ማንሳት ለዚህም ይጠቅማል።

ምልክት፦ «ሀ» ላይ ተስማምተው «ለ» ላይ ይለያያሉ

እዚህ ፎቶው ንጹሕ ነው፤ ችግሩ አንዱ ስህተት ሁለት ጊዜ መቀጣቱ ነው። ጥያቄ 5 «ሀ» 150 ኪሎ ሜትር በ2.5 ሰዓት የሄደች መኪና ፍጥነት ስንት ነው ይላል። መልሱ 60 ነው። ተማሪዋ ቀመሩን፣ መተካቱንና አሃዱን ልክ ጻፈች፣ ማካፈሉ ላይ ተሳስታ 50 አለች። ከ4 ላይ 3። «ለ» ደግሞ በዚያው ፍጥነት በ3.5 ሰዓት ምን ያህል ትሄዳለች ይላል። ልኩ 210 ነው። ተማሪዋ 50ን በ3.5 አባዝታ 175 ኪሎ ሜትር ጻፈች።

የመጀመሪያው አራሚ 210 ስላላዩ ለዘዴው 2 ሰጥተው የቀረውን ከለከሉ። ሁለተኛዋ ግን ማረሚያ መመሪያውን ከፍተው «ከቀደመው ክፍል የመጣ የተሳሳተ ቁጥር በትክክል ከተሠራበት ሙሉ ነጥብ ይሰጥ» የሚለውን መስመር አሳዩ። 50 ሲባዛ በ3.5 በትክክል 175 ነው። ለማካፈሉ ስህተት «ሀ» ላይ ተቀጥታለች፤ በሱው ሁለተኛ ቅጣት አይገባትም። «ለ» 4 ከ4፣ ጥያቄ 5 በ7 ተዘጋ።

ተጠንቀቁ፤ ይሄ የሚሠራው መመሪያው ሲፈቅድ ነው። ደግሞም የተሳሳተው ቁጥር ጥያቄውን እጅግ ካቀለለው ሙሉ ነጥብ አይገባም። ለምሳሌ «ሀ» ላይ 1 ብሎ ያወጣ ተማሪ «ለ» ላይ በ1 ማባዛቱ ምንም ችሎታ አያሳይም።

አሁን እንደምረው፤ 6፣ 7፣ 6፣ 8፣ 7። 34 ነው። የመጀመሪያው 33 ብለው ነበር፣ ሁለተኛዋ 29፣ አማካዩ 31። ትክክለኛው ነጥብ ከሦስቱም በላይ ሆነ። አማካይ ይዘን ሄደን ቢሆን ተማሪዋ 3 ነጥብ ታጣ ነበር፤ የጠፋው የ«ለ» መልስም እንደጠፋ ይቀር ነበር። መንስኤው ሳይታወቅ አማካይ አትውሰዱ። እባካችሁ።

ምልክት፦ ሁለቱ ነጥቦች ከመጠን በላይ ተስማሙ

ሃያ ወረቀት ታርሞ አንድም ቦታ የግማሽ ነጥብ ልዩነት ካልታየ አትደሰቱ። ፎቶው የተነሳው የመጀመሪያው አራሚ ቀይ እስክሪብቶ ካረፈበት በኋላ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የሚያየው መልሱን ብቻ አይደለም፣ የጓደኛውን ፍርድም ጭምር ነው፤ ሳያውቀው እጁ ወደዚያው ይሄዳል። ቀዩን ቀለም በአፕ አጠፋለሁ የሚል ሰው ገጥሞኝ ነበር። ከቀዩ ጋር የተማሪውንም ጽሑፍ አደበዘዘው። ወረቀቱ ማንም ሳይነካው ይነሳ። ቀዩ ካረፈበት በኋላ የተነሳ ከሆነ ሁለተኛ እርማት አልተደረገም ብላችሁ መዝግቡ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ፦ የሁለት ተማሪ ገጾች ይቀላቀላሉ (የእጅ ጽሑፉን አስተያዩ)፤ ተዘቅዝቆ የተነሳ ገጽ ላይ 6 እና 9 ይምታታሉ፤ አንዱ አራሚ ግማሽ ነጥብ ያጠጋጋል ሌላው አያጠጋጋም።

ምልክት፦ ፎቶው አንድ፣ መመሪያው አንድ፣ ልዩነቱ ግን አለ

ይሄ እውነተኛው የፍርድ ልዩነት ነው፤ በብዛት የሚታየውም «አብራራ» በሚል ጥያቄ ላይ ነው። እያንዳንዱ አራሚ ነጥብ የሰጠበትን የተማሪውን ዓረፍተ ነገርና የመመሪያውን መስመር በጣቱ ያሳይ። «ጠቅላላ ሐሳቡን ይዞታል» የሚል መልስ አትቀበሉ። የትኛው ቃል ነው ነጥቡን ያስገኘው? ወጣቱ አራሚ አንጋፋውን አክብሮ «እሺ መምህር፣ እርስዎ እንዳሉ» ሲል ካያችሁም ቶሎ አትዝጉት። ያ መስማማት አይደለም። ሁለቱም መስመሩን አሳይተው ካልተግባቡ ወረቀቱ ወደ ሦስተኛ አራሚ ይሂድ፤ ሦስተኛው ንጹሑን ፎቶ እንጂ የሁለቱን ነጥብ አይይ።

ክርክሩ የመመሪያው ክፍተት ሆኖ ከተገኘና አዲስ ተቀባይነት ያለው መልስ ከጨመራችሁ፣ ቀድሞ የታረሙትን ሁሉ በዚያ ጥያቄ ላይ መልሳችሁ እዩ። እኛ አንድ ጊዜ በሠላሳ አንደኛው ወረቀት ላይ አንድ ቃል ጨመርን። ወደ ኋላ ስንመለስ ያንኑ ቃል የጻፉ አራት ተማሪዎች ዜሮ ተሰጥቷቸው አገኘን።