መዘግየቱን ለለጋሹ እንዴት እንደጻፍንለት

የጉድጓድ ውሃ ፕሮጀክታችን ዘግይቷል። የመጀመሪያው የኢሜይል ረቂቅ ግን «አንዳንድ ተግዳሮቶች ቢኖሩም ሥራው በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» ይል ነበር። ይህን ያነበበ ለጋሽ ገንዘቡ የት እንደደረሰ አያውቅም።

ስለዚህ መጥፎውን ዜና ከላይ አወጣነው፦ «ከስድስት ጉድጓዶች የተቆፈሩት ሁለት ናቸው። አራቱ ዘግይተዋል። ክረምቱ ቀድሞ ስለገባ የቁፋሮ መኪናው በጭቃው ማለፍ አልቻለም። የአራቱ ገንዘብ አልተነካም፤ ባንክ ነው።»

ብዙ የለፋነው የማካካሻ ዕቅዱ ላይ ነው። «በፍጥነት እንሠራለን» ማለት ዕቅድ አይደለም። መኪና የማይፈልገውን ሥራ፣ የውሃ ኮሚቴዎቹን ሥልጠና፣ ወደ ክረምቱ አመጣነው። ቁፋሮው ጥቅምት 1 ይጀመራል፤ ለጋሹ እንዳይምታታበት ኦክቶበር 11 ብለን ጨመርንበት። መኪናው እስከ ጥቅምት 15 ካልደረሰ በጨረታው ሁለተኛ የወጣው ድርጅት ይጠራል። የጠየቅነው ተጨማሪ ብር ሳይሆን የሁለት ወር ማራዘሚያ ነው። ይህ ደግሞ ውሉ ሳያልቅ መጠየቅ አለበት፤ ካለቀ በኋላ የወጣ ወጪ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል።

ለጋሹ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ሁለተኛው ድርጅት ዋጋው ከበለጠስ? ልዩነቱን ከመጠባበቂያ በጀቱ እንደምንሸፍን ጻፍንለት። ማራዘሚያው ተፈቀደ።