«አውጥቼ አይቻለሁ» ማስረጃ አይደለም

የምሠራው ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ነው። መስኮት ላይ ከተቀመጥኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። «በቀን 3 በመቶ ትርፍ፣ የተረጋገጠ» የሚል ነገር ውስጥ ገብተው ገንዘብ ሊልኩ የሚመጡትን አሁን አሁን ገና ፎርም ሲሞሉ እለያቸዋለሁ። ይቸኩላሉ። የተቀባዩን ስም ከቴሌግራም ላይ እያዩ ፊደል በፊደል ይገለብጣሉ። «ያውቁታል?» ስላቸው «ወኪሉ ነው» ይሉኛል። የሚሳሳቱት ነገር ብዙ ነው። አንዱ ግን ከሁሉም በላይ ያንገበግበኛል፣ ከእሱ ልጀምር።

ትንሽ አስገብቶ መሞከር

«መጀመሪያ ትንሽ አስገባሁ፣ ከነትርፉ ወጣልኝ። ስለዚህ እውነት ነው።» ይህን የሚሉኝ ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ጠንቃቃ ነን ብለው ነው የሚሞክሩት። እኔም ከዓመታት በፊት አንድ ጓደኛዬን «በትንሽ ብር ሞክረው፣ ከወጣልህ ታምነዋለህ» ብዬ መክሬዋለሁ። ሞከረ፣ ወጣለት፣ አመነ፣ ያለውን ሁሉ አስገባና አጣው። ያ ምክሬ ዛሬም ይቆጨኛል። ማጭበርበሩ የተሠራው ለዚያ ሙከራ ነውና።

በቅርቡ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ባልትና የሚሸጡ አንዲት እናት ደንበኛችን ናቸው። የጎረቤት ልጅ በቴሌግራም የላከችላቸውን መተግበሪያ ስልካቸው ላይ ጭነው 5,000 ብር አስገቡ። ስክሪኑ በየቀኑ 150 ብር ትርፍ ያሳያቸዋል። በአራተኛው ቀን 600 ብር «አውጣ» ሲሉ በደቂቃዎች ውስጥ ስልካቸው ላይ ገባ።

ያ 600 ብር ከየት መጣ? እሳቸው ራሳቸው ካስገቡት 5,000 ላይ ነው። አጭበርባሪው 600 መልሶ 4,400 ይዟል። ለእሱ 600 ብሩ መንጠቆ ላይ የሚሰካ ትል ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም። ቻርልስ ፖንዚ በ1920 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ ቃል ሲገባ ቀድመው የገቡትን በትክክል ከፍሏቸዋል፣ ኋላ በመጡት ሰዎች ገንዘብ። የተከፈላቸው ሰዎች ናቸው ወሬውን ያዳረሱለት። በዚያው ዓመት ፈረሰ።

እኚህ እናትም ወደ ቤታቸው ሄደው 60,000 ብር የሱቅ ገንዘብ አመጡ። እህታቸው የደረሳትን የእቁብ 40,000 ጨመረችበት። ከሁለት ወር በኋላ ስክሪኑ 294,000 ብር አሳየ። «አውጣ» ሲሉ በቅድሚያ 15 በመቶ ግብር፣ ማለትም 44,100 ብር እንዲከፍሉ የሚል መልእክት መጣ። እሱን ሊልኩ ነበር እኔ መስኮት ላይ የመጡት። የተቀባዩ ስም የአንድ ግለሰብ ነው። ከዚህ በፊት የላኩባቸውን ደረሰኞች አወጡልኝ፤ ሦስት ደረሰኝ፣ ሦስት የተለያየ ሰው።

«እትዬ፣ ግብሩን ለምን ከ294,000ው ላይ አይቆርጡትም?» አልኳቸው።

«ሲስተሙ አይፈቅድም አሉኝ፣ ልጄ።»

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ባንክ ወለድ ሲከፍላችሁ ግብሩን ራሱ ቀንሶ ነው። «መጀመሪያ ግብሩን አምጡና ወለዱን እሰጣችኋለሁ» የሚል ባንክ የለም። ግብር ደግሞ በግለሰብ ሂሳብ አይሰበሰብም። ከ294,000 ላይ መቁረጥ ያቃታቸው 294,000 ብር የሚባል ነገር ስለሌለ ብቻ ነው። 44,100ውን ቢልኩ ቀጥሎ «የማረጋገጫ ክፍያ» ይመጣል፣ ከዚያ «ሂሳብዎ ስለታገደ ማስከፈቻ» ይመጣል። የራሳችሁን ገንዘብ ለማውጣት ሌላ ገንዘብ ላኩ ከተባላችሁ የገባው አልቋል፣ አንድ ብር አትጨምሩ።

ስክሪን ላይ ያለውን ቁጥር እንደ ብር መቁጠር

ግራፉ ይንቀሳቀሳል፣ የወርቅና የቢትኮይን ዋጋ በሰከንድ ይለዋወጣል። ዋጋው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ ከሌላ ቦታ በነፃ የሚቀዳ ነው። ውሸቱ የእናንተ ገንዘብ ገበያው ውስጥ መግባቱ ላይ ነው። የትርፉን ቁጥር የሚጽፈው ድረ ገጹን የሠራው ሰው ነው፣ ያሻውን ይጽፋል።

ልጆቻችሁን አንድ ነገር አስደርጓቸው። lookup.icann.org ላይ የድረ ገጹን አድራሻ ያስገቡና Created የሚለውን ቀን ይዩ። «ከአሥር ዓመት በላይ የሠራን ነን» የሚለው ድርጅት አድራሻው የተመዘገበው ከሁለት ወር በፊት ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። አሮጌ አድራሻ ግን ንጽሕና አያሳይም፤ አሮጌ አድራሻ ይሸጣል።

3 በመቶን በሒሳብ አለማየት

1,000 ብር በቀን 3 በመቶ እያተረፈ፣ ትርፉም እየተደመረበት ለአንድ ዓመት ቢቀመጥ ከ48 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። ይህን የሚችል ሰው የእናንተን 5,000 ብር ምን ያደርግለታል?

«ዲጂታል እቁብ» ሲባል ማመን

ይህ ስም ያናድደኛል። እቁብ እናውቃለን። 20 ሰው በወር 5,000 ብር ይጥላል፣ እጣው 100,000 ነው፣ ሁሉም በተራው ያንኑ የጣለውን ይወስዳል። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው። እቁብ ትርፍ አይወልድም። «5 ሰው አምጣ፣ ከእነሱ ክፍያ ኮሚሽን ታገኛለህ» የሚለው ግን ፒራሚድ ነው። እያንዳንዱ 5 ሰው ቢያመጣ 12ኛው ደረጃ ላይ ከ244 ሚሊዮን በላይ አዲስ ሰው ያስፈልጋል፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር አገሩ ቢገባ አይበቃም። በተግባር ከዚያ እጅግ ቀድሞ ይቆማል፣ ምክንያቱም የሚጠሩት ሰዎች እርስ በርስ የሚተዋወቁ ናቸው። አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ማኅበር፣ አንድ ዕድር። ሲፈርስ ገንዘቡ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ያስገባችሁት ሰው ለቅሶ ላይ ፊቱን ያዞርባችኋል።

ንግድ ፈቃድ አይቶ መርካት

ቢሮ ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለ ንግድ ፈቃድ ያሳዩአችኋል። እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ግን የንግድ ፈቃድ ከሕዝብ ገንዘብ ለመሰብሰብ አያስችልም። ተቀማጭ ለመሰብሰብ ፈቃድ የሚሰጠው ብሔራዊ ባንክ ነው። አክሲዮንና መሰል ሰነዶችን ለማገበያየት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው። «የትኛው ፈቃድ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁና ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት ራሱን ጠይቃችሁ አረጋግጡ፤ እነሱ በሚሰጧችሁ ስልክ አይደለም።

ሂሳብ ማከራየት

ወጣቶች፣ «ገንዘብ በሂሳብህ ይለፍ፣ ኮሚሽን እንሰጥሃለን» ከተባላችሁ እምቢ በሉ፤ ፖሊስ መጀመሪያ የሚያገኘው የእናንተን ስም ነው።

ከተጭበረበሩ በኋላ አፍሮ ዝም ማለት

በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ወደ ባንካችሁ ሂዱ። የተቀባዩ ሂሳብ ላይ ገንዘቡ ካልወጣ ተስፋ አለ፣ ከወጣ ግን በጣም ከባድ ነው። ባንኩ ለማገድ የፖሊስ ወይም የፍርድ ቤት ደብዳቤ ሊጠይቅ ስለሚችል ፖሊስ ጋም አትዘግዩ። ደረሰኞቹን፣ የቴሌግራም ንግግሩን፣ የስክሪኑን ፎቶ ያዙ። ቻቱን ተናዳችሁ አትሰርዙት።

እኚያ እናት የሞሉትን ፎርም መልሰው ተቀበሉኝ። ለሁለት አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱትና ከእህታቸው ጋር ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። በሳምንቱ ተመልሰው ስልካቸውን አሳዩኝ። የማያውቁት ሰው «የተጭበረበረ ገንዘብ እናስመልሳለን፣ የማስጀመሪያ 8,000 ብር ብቻ» ብሎ ጽፎላቸዋል። መጭበርበራቸውን የሚያውቀው ያው ቡድን ነው፣ ወይም ስማቸውን ከእሱ የገዛ ሌላ ሰው። በዚህ ጊዜ ግን ሳይልኩ ነው የጠየቁኝ።