ማኒኪኑ ወጣ፣ አንገቱ ግን የተለጠፈ ይመስላል፦ ችግርና መፍትሄ

ልብሱ ማንም ሳይኖርበት የተለበሰ እንዲመስል ማኒኪኑን ከፎቶው ላይ በፔን ቱል ቆርጦ ማውጣት ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው። ማኒኪኑ ሲወጣ አንገቱ ባዶ ስለሚቀር የልብሱን የውስጥ ጀርባ ለብቻ አንስተን እዚያ እናስገባለን። ወደ እኔ የሚመጣው ብልሽት ሁሌ አንድ ነው። ልብሱ በሥርዓት ተቆርጧል፤ አንገቱ ውስጥ የገባው የጀርባ ጨርቅ ግን ስቲከር ይመስላል። ፎቶውን አሳንሱና እዩት። ዓይናችሁ ቀድሞ አንገቱ ላይ ካረፈ አልተሳካም።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከፎቶሾፕ በፊት ነው የተሠራው። አንዲት የሀበሻ ቀሚስ የምትሸጥ ደንበኛ ፊቱን ማኒኪን ላይ በጥሩ መብራት አንስታ፣ ውስጡን አልጋ ላይ ዘርግታ በስልክ አነሳችው፤ ያውም በቢጫ አምፖል። ነጩ ሸማ ቅቤ መሰለ። ቀለሙን አስተካከልኩት፤ ቅርጹ ግን እምቢ አለ። የተለበሰ አንገት ክብ ነው፣ የተዘረጋው ዝርግ። በ Warp አንድ ሰዓት ሙሉ ብጎትተው ጥልፉ ተጣመመ። በመጨረሻ «እህቴ፣ እንደገና አንሺው» አልኳት።

አነሳሱ እንዲህ ነው። የፊቱን ፎቶ እንደጨረሳችሁ ትራይፖዱንና መብራቱን አትንኩ። ልብሱን ገልብጣችሁ እዚያው ማኒኪን ላይ አልብሱት። ከዚያ ካሜራውን ሳይሆን ማኒኪኑን አዙራችሁ በጀርባው በኩል አንሱ።

ፎቶሾፕ ላይ የውስጡን ፎቶ ከፊቱ ሌየር በታች አስገቡ። በ Ctrl+T መጠኑን ስታስተካክሉ መለኪያችሁ ሁለት ነጥብ ነው፦ የግራና የቀኝ ትከሻ ስፌት አንገቱን የሚነካበት ቦታ። ሁለቱ ከገጠሙ በኋላ መሃሉን ብቻ በ Warp ትንሽ ነካ ማድረግ ይበቃል።

አሁን ብርሃኑ ይቀራል። የተገለበጠው ልብስ ፎቶ ላይ ጎባጣ ነበር፤ አሁን ጎድጓዳ መሆን አለበት። ከግራ የመጣ መብራት ጎባጣው ላይ ግራውን ያበራል፤ ጎድጓዳው ውስጥ ግን የሚያርፈው ቀኙ ላይ ነው። ታዲያ ብዙ ሰው ፎቶውን ግራ ቀኝ ይገለብጠዋል። አደራ፣ እንዳታደርጉት! እኔም አንዴ አድርጌው ሸሚዙ ላይ ያለው ማርካ በመስታወት እንደሚታይ ጽሑፍ ሆኖ ለደንበኛ ደረሰ። ሳይዙ M ስለነበር እሱን አይቼ ደህና ነው ብዬ ነበር።

ይልቅ ከውስጡ ሌየር በላይ አዲስ ሌየር ክፈቱ፤ Multiply አድርጉት፤ በ Ctrl+Alt+G እሱው ላይ ብቻ እንዲያርፍ እሰሩት። በለስላሳ ብሩሽ፣ ኦፓሲቲው ከ10 እስከ 15 በመቶ ሆኖ፣ ቀስ እያላችሁ ደራርቡ። የፊተኛው አንገት ጠርዝ ሥር ጠቆር ይበል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይሳሳ። ቀለሙን ከራሱ ከጨርቁ ጥላ ውሰዱ። ጥቁር ከተጠቀማችሁ ነጭ ሸማ ያልታጠበ ይመስላል።

ስስ ጨርቅ ማኒኪኑን ካሳየ ነጭ ማኒኪን ተጠቀሙ። ጠርዙ ላይ የማኒኪኑ ቀለም ከቀረ ደግሞ መቁረጫውን አንድ ሁለት ፒክስል ወደ ጨርቁ አስገቡት።