ሂስቶግራም ኢኳላይዜሽን በእጅ ሲሰላ፦ መልሱ ለምን አልገጥም አለ?

የኢሜጅ ፕሮሰሲንግ ኮርስ የወሰደ ሰው ይቺን ጥያቄ በደንብ ያውቃታል። ትንሽ የቁጥር ሰንጠረዥ ትሰጣላችሁ፣ «ሂስቶግራሙን ኢኳላይዝ አድርጉ» ትላችኋለች። ሂስቶግራም ማለት በእያንዳንዱ የግራጫ ደረጃ ስንት ፒክሰል እንዳለ የሚያሳይ ቆጠራ ነው፤ ኢኳላይዝ ማድረግ ደግሞ የተፋፈጉትን ደረጃዎች መዘርጋት ነው። ስሌቱ ከመደመር፣ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም። ግን ክፍል ውስጥ መልስ ማስተያየት ሲጀመር የሁሉም ይለያያል። ጥሩው ነገር፣ ስህተቱ የት እንደገባ ብዙ ጊዜ ከመልሱ መልክ ይታወቃል።

አንድ ምስል ይዘን እንሂድ። 4 በ4 ነው፣ 16 ፒክሰል አለው። የግራጫ ደረጃዎቹ 8 ናቸው፤ 0 ጥቁር፣ 7 ነጭ።

```
3 3 4 4
2 3 4 4
3 3 4 5
2 3 4 5
```

ምስሉ ደብዛዛ ነው። 8 ደረጃ እያለው የተጠቀመው አራቱን ብቻ ነው፣ እነሱም መሃል ላይ ተፋፍገዋል። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ደረጃ ስንት ፒክሰል እንዳለው እንቆጥራለን። ከዚያ ከታች ወደ ላይ እየደመርን እንሄዳለን። በመጨረሻ ድምሩን በ7 አባዝተን ለ16 እናካፍልና ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር እናጠጋጋለን።

| ደረጃ | ብዛት | እስከዚህ ድረስ ድምር | ድምር × 7 ÷ 16 | አዲስ ደረጃ |
|---|---|---|---|---|
| 2 | 2 | 2 | 0.875 | 1 |
| 3 | 6 | 8 | 3.5 | 4 |
| 4 | 6 | 14 | 6.125 | 6 |
| 5 | 2 | 16 | 7 | 7 |

ስለዚህ 2፣ 3፣ 4፣ 5 የነበሩት 1፣ 4፣ 6፣ 7 ይሆናሉ። አሁን ወደ ችግሮቹ።

የመጨረሻው ደረጃ 8 ሆነ፣ ወይም 7 ሳይደርስ ቀረ

8 ከመጣ ያባዛችሁት በ8 ነው። ደረጃዎቹ ስምንት ናቸው፣ ግን ከ0 ስለሚጀምሩ ትልቁ 7 ነው። ማባዛት ያለባችሁ በትልቁ ደረጃ ነው እንጂ በደረጃዎቹ ብዛት አይደለም። 5 ከመጣ ደግሞ ያባዛችሁት ምስሉ ውስጥ ባገኛችሁት ትልቅ ቁጥር ነው። እሱ ምስሉ የተጠቀመው ጫፍ እንጂ የተፈቀደለት ጫፍ አይደለም።

6 ከመጣ ችግሩ ቆጠራው ላይ ነው። የመጨረሻው ድምር የግድ 16 መሆን አለበት፤ 14 ወይም 15 ካላችሁ የዘለላችሁት ፒክሰል አለ። እኔ ማካፈል ከመጀመሬ በፊት ይህን ቁጥር አያለሁ። እዚህ የተሳሳተ ነገር ታች ወርዶ አይቃናም።

ጫፎቹ ልክ ናቸው፣ መሃል ላይ ግን አንድ ደረጃ ይጎድላል

የናንተ መልስ 1፣ 3፣ 6፣ 7 ነው እንበል። አንዱ ብቻ ተንሸራቷል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ብዛቱን ቶሎ ወደ አስርዮሽ ከመቀየር ነው። 2 ለ16 ሲካፈል 0.125 ነው፣ 6 ለ16 ሲካፈል 0.375። ሁለት አሃዝ ብቻ ይዛችሁ የቀረውን ከቆረጣችሁት 0.12 እና 0.37 ይሆናሉ። ሲደመሩ 0.49፣ በ7 ሲባዙ 3.43። ይህ ወደ 3 ይጠጋል። ትክክለኛው ግን 3.5 ነበር፣ ወደ 4 የሚጠጋው።

መጨረሻውን ካያችሁ ነገሩ ይጋለጣል። የአራቱ ድምር 1 መሆን ሲገባው 0.98 ይሆናል። በ7 ሲባዛ 6.86 ስለሚመጣና ወደ 7 ስለሚጠጋ ግን ዓይን ውስጥ አይገባም።

መፍትሄው አስርዮሽን እስከ መጨረሻው ማራቅ ነው። ብዛቱን በሙሉ ቁጥር ደምሩ፣ በ7 አባዙ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ለ16 አካፍሉ። 7 × 8 = 56፣ 56 ÷ 16 = 3.5። በቃ። ልክ ግማሽ ላይ ያረፈ ቁጥር ሲመጣ ወደ ላይ እንደምታጠጋጉ ወረቀቱ ላይ ጻፉት፤ አራሚው እንዳይጠራጠር።

ጓደኛዬ 0፣ 3፣ 6፣ 7 አገኘ

ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ የተጠቀማችሁት ቀመር ነው የሚለያየው።

አንዱ ቀመር ከላይ የሠራነው ነው። ሁለተኛው በመጀመሪያ ምስሉ ውስጥ በጣም የጨለመውን ደረጃ ብዛት ከሁሉም ድምር ላይ ይቀንሳል። በኛ ምስል ትንሹ ድምር 2 ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ድምር 2 ይቀነሳል፣ ከ16ም 2 ተቀንሶ አካፋዩ 14 ይሆናል። 0 × 7 ÷ 14 = 0፣ 6 × 7 ÷ 14 = 3፣ 12 × 7 ÷ 14 = 6፣ 14 × 7 ÷ 14 = 7። የOpenCV ላይብረሪ `equalizeHist` ፈንክሽን የሚሄደው በዚህኛው መንገድ ነው።

ግን አንድ ወጥመድ አለ። በመጀመሪያው ቀመር ሠርቶ፣ በማጠጋጋት ፈንታ ከነጥብ በኋላ ያለውን ዝም ብሎ የጣለ ሰውም የሚያገኘው 0፣ 3፣ 6፣ 7 ነው። 0.875 ወደ 0፣ 3.5 ወደ 3 ይወርዳል። መልሱ አንድ፣ መንገዱ ሌላ። ይህ ምስል ሁለቱን መለየት አይችልም።

ጓደኛችሁ ወይም አንድ ፕሮግራም የትኛውን እንደሚጠቀም ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ አራት ደረጃ ያለውና እያንዳንዱ ደረጃ እኩል 4 ፒክሰል የያዘ ምስል ስጡት። የመጀመሪያው ቀመር ከማጠጋጋት ጋር 2፣ 4፣ 5፣ 7 ያወጣል። ክፍልፋዩን የሚጥለው 1፣ 3፣ 5፣ 7 ያወጣል። የሚቀንሰው ቀመር ደግሞ 0፣ 2፣ 5፣ 7። ሦስቱም ይለያያሉ፣ ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

ፈተና ላይ መምህሩ የሰጠውን ቀመር ተከተሉ። ምርጫው ለኔ ከሆነ ግን ጥቁር በበዛበት ምስል ላይ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ከ16 ፒክሰል 10ሩ 0 ናቸው እንበል። በመጀመሪያው ቀመር 10 × 7 ÷ 16 = 4.375፣ ማለትም ድቅድቅ ጥቁር የነበረው ጀርባ 4 ሆኖ ግራጫ ይለብሳል። ሁለተኛው 0ን 0 ላይ ይተወዋል። ደካማ ጎኑ፣ ምስሉ በሙሉ አንድ ቀለም ከሆነ አካፋዩ 0 ይሆንና ስሌቱ ይቆማል። ያኔ ምስሉን እንዳለ መተው ነው።

ሰንጠረዡ ልክ ነው፣ አዲሱ ምስል ግን ተበላሸ

አዲሱ ምስል ውስጥ 4 የሚባል ቁጥር ጠፍቶ ምስሉ በ6 ከተሞላ፣ አሮጌው ምስል ላይ እያጠፋችሁ ጽፋችኋል ማለት ነው። በመጀመሪያ 3ቱን ሁሉ 4 አደረጋችሁ። ቀጥላችሁ 4ቱን ሁሉ 6 ስታደርጉ፣ አሁን 4 የሆኑት የቀድሞ 3ዎች አብረው ሄዱ። 12 ፒክሰል 6 ላይ ተከመረ።

ሁልጊዜ አዲስ ባዶ ሳጥን ሥሩ፣ አሮጌውን እያያችሁ አዲሱ ላይ ሙሉ፦

```
4 4 6 6
1 4 6 6
4 4 6 7
1 4 6 7
```

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የመጀመሪያው ምስል ብዛቶች 2፣ 6፣ 6፣ 2 ነበሩ። አዲሱንም ስትቆጥሩት በዚሁ ቅደም ተከተል 2፣ 6፣ 6፣ 2 መምጣት አለበት። ኮምፒውተር አጠገባችሁ ካለ ይቺ አጭር ኮድ ትበቃለች፤ ማጠጋጋቱም በሙሉ ቁጥር ስለሆነ ግማሾቹን ወደ ላይ ትወስዳለች፦

```python
import numpy as np
im = np.array([[3,3,4,4],[2,3,4,4],[3,3,4,5],[2,3,4,5]])
h = np.bincount(im.ravel(), minlength=8)
lut = (2*7*h.cumsum() + im.size) // (2*im.size)
print(lut)
print(lut[im])
```

የመጀመሪያው መስመር `[0 0 1 4 6 7 7 7]` ይላል። ምስሉ ውስጥ ለሌሉት ለ0፣ 1፣ 6 እና 7ም ቁጥር መሰጠቱ አያስደንግጣችሁ። ብዛታቸው ዜሮ ስለሆነ ከነሱ በፊት የነበረውን ድምር ይዘው ነው የቀጠሉት። ኮዱን ወደ `round` ከቀየራችሁት ግን ተጠንቀቁ፤ ፓይተን ግማሽ ላይ ያረፈውን ወደ ቅርቡ ተጋማሽ ቁጥር ነው የሚወስደው። `round(3.5)` 4 ነው፣ `round(2.5)` ግን 2 ነው።

ሂስቶግራሙ አሁንም ጠፍጣፋ አይደለም

ኢኳላይዜሽን ማለት «እኩል ማድረግ» ነው፣ ስለዚህ ሰው ስምንቱም የሂስቶግራሙ ዘንጎች እኩል 2 እንዲሆኑ ይጠብቃል። የወጣው ግን 1 ላይ 2፣ 4 ላይ 6፣ 6 ላይ 6፣ 7 ላይ 2 ነው። ያው አሮጌው ቁመት፣ ክፍተት ብቻ ተጨመረበት። እዚህ ስህተት የለም፤ የምታስተካክሉት ነገርም የለም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሰንጠረዡ የሚጠይቀው «ቁጥርህ ስንት ነው?» ብቻ ነው። 3 የያዙ ስድስቱ ፒክሰሎች ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ አላቸው፣ ስለዚህ ሁሉም አንድ ቦታ ይሄዳሉ። ዘንግ ቦታ ይቀይራል፣ ከሌላ ዘንግ ጋር ሊዋሃድም ይችላል፣ ለሁለት አይከፈልም። የተስተካከለው ክፍተቱ ነው፤ ብዙ ፒክሰል የያዘ ዘንግ ከበስተጀርባው ሰፊ ቦታ ያገኛል። ስድስት የያዘው 3 ከ1 ወደ 4 ዘለለ፣ ሁለት የያዘው 5 ከ6 ወደ 7 ብቻ።

ምስሉ ፈካ ማለቱም ከዚሁ ይመጣል። አማካዩ ከ3.5 ወደ 4.75 ወጥቷል። እያንዳንዱ ደረጃ ሲደመር ራሱንም ጨምሮ ስለሚደመር ወደ ላይ ይገፋል። በሚቀንሰው ቀመር አማካዩ 4.25 ነው፤ እሱም ይፈካል፣ ግን በመጠኑ።

ሁለት ደረጃዎች አንድ ሆኑ

ከላይኛው ምስል ከሁለቱ 5ዎች አንዱን 4 አድርጉት። ድምሮቹ 2፣ 8፣ 15፣ 16 ይሆናሉ። 15 × 7 ÷ 16 = 6.5625፣ ወደ 7 ይጠጋል። 16ም 7 ነው። ብቻዋን የቀረችው 5 ከ4ቶቹ ጋር ተቀላቀለች፣ በምስሉ ላይም አትለይም። አንድ ፒክሰል ብቻ ነው የነካነው።

ስሌታችሁን ከመጠራጠራችሁ በፊት የዚያን ደረጃ ብዛት እዩ። እያንዳንዱ ፒክሰል የሚገፋው 7/16 ደረጃ ነው። አንድ ሙሉ ደረጃ ለመዝለል 16 ÷ 7፣ ማለትም 2.3 ገደማ ያስፈልጋል። ሦስትና ከዚያ በላይ ፒክሰል ያለው ደረጃ ከታችኛው ጎረቤቱ በእርግጠኝነት ይለያል። አንድ ወይም ሁለት ብቻ ያለው እንደ ዕድሉ ነው፤ የመጀመሪያው ምስል 5 በሁለት ፒክሰል ያመለጠው 6.125 ወደ ታች ስለተጠጋ ነው። አንዴ ከተዋሃዱ ደግሞ ከአዲሱ ምስል መልሶ መለየት አይቻልም፣ ስለዚህ ዋናውን ምስል አትጣሉ። በ256 ደረጃ፣ 512 በ512 በሆነ ምስል ላይም ሒሳቡ ያው ነው፦ 262144 ÷ 255፣ 1028 ገደማ። ከዚያ ያነሰ ፒክሰል የያዘ ደረጃ የመዋጥ ስጋት አለበት።